የግራፍ ማሟያና ላይን ግራፍ በወረቀትና በእርሳስ

ዲስክሪት ማትስ የተማረ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ትርጉማቸው እያንዳንዳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ሲሣሉ ነው። አንድ መስመር ይረሳል፣ ሌላው ሁለቴ ይገባል፣ ከዚያ ሥዕሉ ይተበተብና የቱ ጋ እንደተሳትን ማወቅ ያቅተናል። ስለዚህ እዚህ የምከተለው መንገድ በአንድ ልማድ ላይ የቆመ ነው፤ ከመሣል በፊት መቁጠር። መልሱ ስንት መስመር ሊኖረው እንደሚገባ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብዙውን ስህተት እዚያው ይይዘዋል።

በቃላቱ እንስማማ። ግራፍ ስል ነጥቦችንና እነሱን የሚያገናኙ መስመሮችን ማለቴ ነው። መስመሮቹ አቅጣጫ የላቸውም። በሁለት ነጥቦች መካከል ቢበዛ አንድ መስመር ነው ያለው። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደዚያው ነጥብ የሚመለስ መስመር የለም። የአንድ ነጥብ ዲግሪ እሱን የሚነኩት መስመሮች ብዛት ነው። መስመሩ ቀጥ ቢልም ቢጠማዘዝም፣ ነጥቡ ላይ ቢቀመጥም ታች፣ ግራፉ ያው ነው። የሚቆጠረው ማን ከማን ጋር ተገናኘ የሚለው ብቻ ነው።

አራት ነጥብ ያለው አንድ ግራፍ እንያዝና ሁለቱንም ሥራ እሱ ላይ እንሥራ። ነጥቦቹ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ ይሁኑ። ሀ፣ ለ እና መ እርስ በርስ ተገናኝተው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ረ ደግሞ ከመ ጋር ብቻ ተገናኝቶ እንደ ጭራ ይንጠለጠላል። መስመሮቹ ሀለ፣ ሀመ፣ ለመ፣ መረ ናቸው። ዲግሪዎቹ ሀ 2፣ ለ 2፣ መ 3፣ ረ 1። ወረቀት ላይ ሣሉት፤ ከዚህ በኋላ ጭራ ያለው ሦስት ማዕዘን እለዋለሁ።

ማሟያውን ማውጣት

በማሟያ ግራፍ ነጥቦቹ አይነኩም። የነበረው መስመር ይጠፋል፣ ያልነበረው ይሣላል። በቃ።

መጀመሪያ ቁጠሩ። n ነጥቦች ካሉ ሊኖሩ የሚችሉት ጥንዶች n(n−1)/2 ናቸው። ለአራት ነጥብ 6 ይሆናል። የእኛ ግራፍ 4 መስመር ስላለው ማሟያው 2 መስመር ይኖረዋል።

ቀጥሎ ጥንዶቹን በሙሉ በፊደል ተራ ጻፉ፤ ሀለ፣ ሀመ፣ ሀረ፣ ለመ፣ ለረ፣ መረ። ይህን ደረጃ መዝለል ያጓጓል፣ በተለይ ግራፉ ትንሽ ሲሆን። ግን ዓይን ያለውን መስመር እንጂ የሌለውን አያይም፤ ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሁን በግራፉ ውስጥ ያሉትን ሰርዙ። የሚቀሩት ሀረ እና ለረ ናቸው። ሁለት ናቸው፤ ከቆጠርነው ጋር ገጠመ።

የመጨረሻው ማጣሪያ በዲግሪ ነው። አንድ ነጥብ በመጀመሪያው ግራፍ ዲግሪው d ከሆነ በማሟያው n−1−d ይሆናል። በእኛ ግራፍ ሀ ከ2 ወደ 1፣ ለ ከ2 ወደ 1፣ መ ከ3 ወደ 0፣ ረ ከ1 ወደ 2 መሄድ አለባቸው። ሥዕሉን ስታዩ ረ መሀል ሆኖ ሀ እና ለን ያገናኛል፣ መ ብቻውን ቀርቷል። ልክ ነው።

ብቻውን የቀረውን መ እንዳትደመስሱት። መስመር የማይነካው ነጥብም የግራፉ አካል ነው። እሱን ጥላችሁ የማሟያውን ማሟያ ብታወጡ ወደ መጀመሪያው ግራፍ አትመለሱም። በነገራችን ላይ ያ ራሱ ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ ሥራውን ሁለቴ ከሠራችሁት የተነሳችሁበት ቦታ መድረስ አለባችሁ።

ላይን ግራፉን ማውጣት

እዚህ ነጥቦቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። እያንዳንዱ የቀድሞ መስመር አሁን ነጥብ ይሆናል። ሁለት አዲስ ነጥቦች የሚገናኙት የቀድሞዎቹ መስመሮች የጋራ ጫፍ ካላቸው ነው። ሁለት መስመሮች ሥዕሉ ላይ ስለተቋረጡ ብቻ አይገናኙም፤ የሚያገናኛቸው ጫፍ ላይ ያለ ነጥብ ነው። አራት ነጥቦች ሁሉ እርስ በርስ የተገናኙበትን ግራፍ በካሬ መልክ ስትሥሉ ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች መሀል ላይ ይቋረጣሉ። እነሱን ማገናኘት የተለመደ ስህተት ነው።

አሁንም መጀመሪያ ቁጠሩ። የአዲሱ ግራፍ ነጥቦች ብዛት የቀድሞው መስመሮች ብዛት ነው፤ ለእኛ 4። የመስመሮቹን ብዛት ለማግኘት ወደ ቀድሞዎቹ ነጥቦች ተመለሱ። ዲግሪው d የሆነ ነጥብ ላይ d መስመሮች ተሰብስበዋል። እነዚህ ሁሉ እርስ በርስ ስለሚገናኙ d(d−1)/2 አዲስ መስመር ይሰጣሉ። በእኛ ግራፍ ሀ 1፣ ለ 1፣ መ 3፣ ረ 0 ይሰጣሉ። ድምሩ 5።

አሁን ሥሩ። አራት ነጥቦች አስቀምጡና ሀለ፣ ሀመ፣ ለመ፣ መረ ብላችሁ ሰይሟቸው። ከዚያ ነጥብ በነጥብ ሂዱ። ሀ ላይ የሚገናኙት ሀለ እና ሀመ ናቸው፤ አገናኟቸው። ለ ላይ ሀለ እና ለመ። መ ላይ ሀመ፣ ለመ እና መረ አሉ፤ ሦስቱንም እርስ በርስ አገናኙ። ረ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ምንም አይጨምርም። አምስት መስመር ተሣለ። ከስድስቱ ጥንዶች የጎደለው አንዱ ሀለ ከመረ ጋር ነው፤ በእርግጥም የጋራ ፊደል የላቸውም።

ፊደሎቹን አስተውሉ። ነጥቡን በሁለት ፊደል ከሰየማችሁት፣ መገናኘት አለመገናኘቱን ለማወቅ የጋራ ፊደል መፈለግ ይበቃል። ሥዕሉን ማየት እንኳ አያስፈልግም። e1፣ e2 እያሉ ለመስመሮቹ አዲስ ስም መስጠት ደስ አይለኝም። ያንን መረጃ ይጥለዋል፣ ከዚያ በየመስመሩ ወደ ሥዕሉ መመለስ ግድ ይሆናል።

እዚህም የዲግሪ ማጣሪያ አለ። ሀለ የሚባለው አዲስ ነጥብ ዲግሪው የሀ ዲግሪ ሲደመር የለ ዲግሪ ሲቀነስ 2 ነው። ሁለት የምንቀንሰው መስመሩ ራሱ በሁለቱም ጫፍ ስለተቆጠረ ነው። ለሀለ 2+2−2=2፣ ለሀመ 2+3−2=3፣ ለለመ 3፣ ለመረ 3+1−2=2። ድምራቸው 10፣ ግማሹ 5። ገጠመ።

ብቻውን የቆመ ነጥብ በላይን ግራፍ ውስጥ ዱካ አይተውም፤ መስመር የለውማ። ስለዚህ ላይን ግራፉን ብቻ ይዞ የመጀመሪያውን ግራፍ ሁልጊዜ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ከዚህ ሌላ አንድ የታወቀ ጥንድ አለ። ሦስት ማዕዘን ሦስት መስመር አለው፤ ሁሉም እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ላይን ግራፉም ሦስት ማዕዘን ነው። አሁን አንድ መሀል ነጥብ ከሦስት ነጥቦች ጋር ብቻ የተገናኘበትን ግራፍ ውሰዱ፤ ጥፍር ይባላል። ሦስቱም መስመሮች መሀል ላይ ስለሚገናኙ ላይን ግራፉ አሁንም ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለት የተለያዩ ግራፎች፣ አንድ መልስ። ሃስለር ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳረጋገጠው፣ ከተያያዙ ግራፎች መካከል እንዲህ የሚያደናግር ጥንድ ይህ ብቻ ነው።

ሁሉም ግራፍ የሌላ ግራፍ ላይን ግራፍ መሆንም አይችልም። ጥፍሩ ራሱ አይሆንም። መሀል ያለው ነጥብ የሆነ መስመር ነው እንበል። መስመር ሁለት ጫፍ ብቻ አለው። ሦስት ጎረቤት መስመሮች ካሉት ቢያንስ ሁለቱ በአንዱ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፣ ስለዚህ እነሱም እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። በጥፍር ውስጥ ግን አይያያዙም። እንግዲህ የሠራችሁት ላይን ግራፍ ውስጥ ሦስት ጎረቤቶች ያሉት፣ ጎረቤቶቹም ፈጽሞ የማይተዋወቁ ነጥብ ካገኛችሁ ወይ መስመር ረስታችኋል ወይ ትርፍ መስመር ስላችኋል።

ራሱን የሚያሟላ ግራፍ

አንዳንድ ግራፍ ማሟያው ሲወጣ ነጥቦቹን እንደገና ሰይመን ያንኑ ግራፍ እናገኛለን። ይህ ራሱን የሚያሟላ ግራፍ ነው። ትንሹ ቁም ነገር ያለው ምሳሌ አራት ነጥቦች በአንድ ሰንሰለት የተያያዙበት ነው፤ ሀ–ለ–መ–ረ። መስመሮቹ ሀለ፣ ለመ፣ መረ። የጎደሉት ሀመ፣ ሀረ፣ ለረ። እነዚህን በቅደም ተከተል ብታስቀምጧቸው መ–ሀ–ረ–ለ የሚል ሰንሰለት ይወጣል። ያው ሰንሰለት ነው፣ ስም ብቻ ተቀየረ። የስም ቅያሬው ሀ ወደ መ፣ ለ ወደ ሀ፣ መ ወደ ረ፣ ረ ወደ ለ ነው። ይህን ቅያሬ መጻፍ አትርሱ፤ ማረጋገጫው እሱ ነው። «ሥዕሉ ይመስላል» ማለት አይበቃም።

አንድ ግራፍ ሲሰጣችሁ ከቀላሉ ጀምራችሁ ፈትኑት። ግራፉና ማሟያው እኩል መስመር ሊኖራቸው ስለሚገባ የጥንዶቹ ብዛት ለሁለት እኩል መከፈል አለበት። ለ6 ነጥብ 15 ጥንድ፣ ለ7 ነጥብ 21 ጥንድ አለ፤ ጎዶሎ ናቸው፣ ስለዚህ እዚያ አትድከሙ። የሚሆነው የነጥቦቹ ብዛት ለ4 ሲካፈል 0 ወይም 1 ከተረፈ ብቻ ነው፤ 4፣ 5፣ 8፣ 9፣ 12፣ 13 እያለ ይሄዳል።

ቀጥሎ ዲግሪዎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ሁለተኛውና ከመጨረሻው ሁለተኛው፣ እያላችሁ ስትደምሩ ሁልጊዜ n−1 መምጣት አለበት። ካልመጣ ግራፉ ራሱን አያሟላም።

ከመጣ ግን ገና ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ምሳሌውን በዝርዝር እንየው። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ በክብ የተያያዙበት ባለ አራት ቀለበት ውሰዱና አምስተኛውን ነጥብ በ ከሀ ጋር ብቻ አያይዙ። መስመሮቹ ሀለ፣ ለመ፣ መረ፣ ሀረ፣ ሀበ፤ 5 ናቸው። ከ10 ጥንድ ግማሹ ነው፤ አለፈ። ዲግሪዎቹ 3፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1። 3+1=4፣ 2+2=4፣ መሀል ያለው 2 ለብቻው የ4 ግማሽ ነው፤ ይህም አለፈ። ማሟያውን ስናወጣ ግን የጎደሉት ሀመ፣ ለረ፣ ለበ፣ መበ፣ ረበ ናቸው። ለ፣ ረ እና በ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፤ ከበ ደግሞ በመ በኩል እስከ ሀ የሚደርስ ረጅም ጭራ ወጥቷል። ዲግሪዎቹ አሁንም 3፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1 ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው ግራፍ ሦስት ማዕዘን አልነበረውም፣ ይህኛው አለው። ስለዚህ አንድ አይደሉም። ቁጥሮቹ ሁሉ ሲገጥሙ ቀጥሎ የሚቆጠረው ሦስት ማዕዘን ነው።

አምስት ነጥብና አምስት መስመር ያላቸው የተለያዩ ግራፎች ስድስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ አሁን ያየናቸው ናቸው፤ አንዱ የሌላው ማሟያ ነው። ሌሎች ሁለት ደግሞ እንዲሁ ይጣመራሉ። ራሳቸውን የሚያሟሉት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። እነሱን ከመፈለግ ይልቅ መሥራት ይቀላል።

ራሱን የሚያሟላ ግራፍ መሥራት

ከስም ቅያሬው እንነሳ። ነጥቦቹን 1፣ 2፣ 3፣ 4 እንበልና ቅያሬው 1 ወደ 2፣ 2 ወደ 3፣ 3 ወደ 4፣ 4 ወደ 1 እንዲሆን እንወስን። ይህ ቅያሬ ጥንዶቹንም ያዞራል። 12 ወደ 23፣ ከዚያ ወደ 34፣ ከዚያ ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 12 ይመለሳል። 13 ደግሞ ወደ 24 ሄዶ ወደ 13 ይመለሳል። አሁን በእያንዳንዱ ዙር አንዱን ያዙ፣ ቀጣዩን ዝለሉ። ከመጀመሪያው ዙር 12 እና 34፣ ከሁለተኛው 13። ቅያሬው የተያዘውን ወደ ተዘለለው፣ የተዘለለውን ወደ ተያዘው ይወስዳል፤ ራስን ማሟላት ማለት ይኸው ነው። የወጣው 2–1–3–4 ነው፤ የቅድሙ ሰንሰለት።

አምስተኛ ነጥብ ለመጨመር 5ን በቦታው ተዉት። 15 ወደ 25፣ 35፣ 45 ይዞራል። እዚህ ሁለት ምርጫ አለ። 15 እና 35ን ከያዝን 5 ከሰንሰለቱ ሁለት የመሀል ነጥቦች ጋር ይገናኛል። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከሁለት ጥጎቹ አንዳንድ ጭራ የወጣለት ግራፍ ነው፤ ሁለት ቀንድ ስላለው በሬ ይሉታል። 25 እና 45ን ከያዝን 5 የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች ይገጥማል፤ ባለ አምስት ቀለበት ሆነ። ሁለቱም ተገኙ፣ ሌላ የለም።

ለምን በአራት ዙር? ቅያሬው ሁለት ነጥቦችን ብቻ ቢያለዋውጥ የእነሱ ጥንድ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ተይዞም ተዘልሎም ሊሆን ግን አይችልም። ሆርስት ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ገርሃርድ ሪንግል በ1963 ያሳዩት ሙሉው ሕግ እንዲህ ይላል፤ እያንዳንዱ ዙር ርዝመቱ በ4 የሚካፈል መሆን አለበት፣ በቦታው የሚቀር ነጥብ ቢኖርም ከአንድ አይበልጥም።

ትልቅ ግራፍ ከፈለጋችሁ ራሱን የሚያሟላ ማንኛውንም ግራፍ ውሰዱና አጠገቡ ባለ አራት ነጥብ ሰንሰለት አስቀምጡ። የአሮጌውን ግራፍ ነጥቦች በሙሉ ከሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ጋር አያይዙ፣ ከመሀሎቹ ጋር አታያይዙ። ማሟያው ሲወጣ ጫፎቹ መሀል፣ መሀሎቹ ጫፍ ስለሚሆኑ ሁሉም ይገጥማል። ከ4 ወደ 8፣ ከ5 ወደ 9 በዚሁ ይኬዳል።

ሁለቱ ሥራዎች ሲገናኙ

ባለ አምስት ቀለበት ላይን ግራፉም ማሟያውም ባለ አምስት ቀለበት ነው። ሞክሩት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዘጠኝ ነጥብ ያለው ነው።

ሦስት ነጥቦች በግራ፣ ሦስት በቀኝ አስቀምጡ። እያንዳንዱን የግራ ነጥብ ከሦስቱም የቀኝ ነጥቦች ጋር አገናኙ። 9 መስመር ይወጣል። ላይን ግራፉን በቀጥታ ለመሣል አትሞክሩ፤ ይተበተባል። ይልቅ 3 በ 3 ሠንጠረዥ ሥሩ። ረድፉ የግራ ነጥብ፣ ዓምዱ የቀኝ ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ነው።

```
1 2 3
4 5 6
7 8 9
```

ሁለት መስመሮች የጋራ ጫፍ አላቸው ማለት ቤቶቹ በአንድ ረድፍ ወይም በአንድ ዓምድ ላይ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ላይን ግራፉ ይህ ሠንጠረዥ ራሱ ነው። ቁጥሩን እንየው። እያንዳንዱ የመጀመሪያ ነጥብ ዲግሪው 3 ስለሆነ 3 አዲስ መስመር ይሰጣል፤ ስድስት ነጥቦች 18 ይሰጣሉ። ከዘጠኝ ነጥብ 36 ጥንድ ይወጣል፤ 18 ግማሹ ነው። የሁሉም አዲስ ነጥብ ዲግሪ 3+3−2=4 ነው፤ 4+4=8 ከ n−1 ጋር ይገጥማል። ራሱን የሚያሟላ ይመስላል። አሁን የስም ቅያሬውን እንፈልግለት።

በማሟያው የሚገናኙት በረድፍም በዓምድም የሚለያዩ ቤቶች ናቸው። እንዲህ ያሉ ሦስት ሦስት ቤቶችን በሰያፍ ሰብስቡ፤ ከሠንጠረዡ ጠርዝ ስትወጡ በሌላው ጠርዝ ተመለሱ። ወደ አንዱ አቅጣጫ 1-5-9፣ 2-6-7 እና 3-4-8 ይወጣሉ። ወደ ሌላው 1-6-8፣ 2-4-9 እና 3-5-7። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ረድፍ፣ ሁለተኛዎቹን ዓምድ አድርጉና አዲስ ሠንጠረዥ ሙሉ።

```
1 9 5
6 2 7
8 4 3
```

እዚህ በአንድ ረድፍ ወይም ዓምድ ላይ ያሉ ማንኛቸውም ሁለት ቁጥሮች በመጀመሪያው ሠንጠረዥ በሁለቱም የተለያዩ ናቸው። 6 እና 8ን ወስዳችሁ ተመልከቱ፤ 6 በሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛው ዓምድ፣ 8 በሦስተኛው ረድፍ ሁለተኛው ዓምድ ነበሩ። አዲሱ ሠንጠረዥም 18 ጥንድ ይይዛል፣ ማሟያውም 18 መስመር አለው፤ ስለዚህ ምንም አልቀረም። ቅያሬው 1 በ1፣ 2 በ9፣ 3 በ5 እያለ ቤት በቤት ይነበባል።

ኮምፒውተር ላይ ማረጋገጥ የሚፈልግ ኔትወርክኤክስ በተጫነበት ፓይተን ይህን ያስኪድ፤ True ይላል።

```python
import networkx as nx
G = nx.complete_bipartite_graph(3, 3)
L = nx.line_graph(G)
print(nx.is_isomorphic(L, nx.complement(L)))
```

ሁለቱን 3ዎች ወደ 4 ብትቀይሯቸው False ይመጣል። ይህንንስ ያለ ኮምፒውተርም ማወቅ ይቻላል። 16 ነጥብ ስላለ የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል፤ ከ120 ጥንድ 60 መስመር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ስምንቱ ነጥቦች እያንዳንዳቸው 6 መስመር ብቻ ስለሚሰጡ ያለው 48 ነው።